ገምጋሚው ደብረ ማርቆስን አያውቅም

የአክስቴ ልጅ የሠራው የእህል ዋጋ አፕ ፕሌይ ስቶር ሊገባ ነው። ኮዱን ከጨረሰ ቆይቷል፤ ጽሑፍና ሥዕል ስለሚሰለቸው የአፑን ገጽ ማዘጋጀቱን ለእኔ ጣለው። ዛሬ ማታ አብረን ተቀምጠን ጨረስነው። አፑ የደብረ ማርቆስን፣ የቡሬንና የፍኖተ ሰላምን ገበያ ዋጋ በኩንታል ያሳያል፤ ገዥና ሻጭም በውስጡ ይጻጻፋሉ።

ርዕሱን «ምርጥ የእህል ዋጋ በነፃ!» ብሎት ነበር። ለርዕስ የሚፈቀደው እስከ 30 ፊደል ስለሆነ በርዝመቱ ችግር የለበትም። ጣጣው «ምርጥ» እና «በነፃ» የሚሉት ናቸው፤ ፕሌይ ስቶር በርዕስ ላይ ራስን በደረጃ ማወደስንም ዋጋ ማስተዋወቅንም አይፈቅድም። «የእህል ዋጋ ጎጃም» አልነው። ለአጭር መግለጫው 80 ፊደል አለን፤ «የጤፍ፣ የበቆሎና የስንዴ ዋጋ ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ገበያ» ብዬ ጻፍኩ፣ ቦታም ተረፈኝ።

በረጅሙ መግለጫ መጨረሻ ላይ ደግሞ የጤፍን ስም በየአጻጻፉ፣ በላቲን ፊደልም ጭምር፣ ደርድሮታል። ሰው ሲፈልግ እንዲያገኘው ነው አሳቡ። አፕል ዘንድ ለቁልፍ ቃላት የተለየ ሳጥን አለ፤ ፕሌይ ላይ ግን የለም፣ ፍለጋው የሚያነበው ርዕሱንና መግለጫዎቹን ነው። እንዲህ ያለ የቃል ክምር ደግሞ ራሱ ውድቅ ያደርጋል። ክምሩን አጥፍቼ እያንዳንዱን እህል በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገባሁት። በላቲን ለሚጽፉት በእንግሊዝኛ ሁለተኛ ገጽ ከፈትንላቸው፤ እዚያ ቃሉ በቦታው ይገባል።

ስክሪንሾቱ ላይ ብዙ ቆየን። ከስልኩ ያነሳው ምስል 1080 በ2400 ፒክስል ነው። የምስሉ ረጅም ጎን ከአጭሩ እጥፍ መብለጥ ስለሌለበት ይህ አይገባም፤ የዛሬ ቀጫጭን ስልኮች ምስል ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው በዚህ ነው። ሰንጠረዡን ቆርጬ ነጭ ጤፍንና ሰርገኛን ከማጣ በግራና በቀኝ 60፣ 60 ፒክስል ባዶ ቀለም ጨመርኩበት፤ 1200 በ2400 ሲሆን ልክ እጥፍ ነው። የመግቢያውን ገጽ ምስል አወጣሁት፤ የስልክ ቁጥር መሙያ ሳጥን አይቶ አፕ የሚያወርድ የለም። በአንዱ ምስል ላይ የአንድ ነጋዴ እውነተኛ ቁጥር ይታይ ስለነበር በናሙና ተክተን እንደገና አነሳነው።

የተጠቃሚው ዕድሜ የሚሞላበት ቦታ ላይ ስንደርስ ተከራከርን። «ልጅም ቢከፍተው ምን አለበት፣ ጋሼ? የእህል ዋጋ አይደል?» ብሎ ሁሉንም የዕድሜ ክልል ሊመርጥ ነው። እዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው የይዘት ደረጃ ነው፤ ስለ ጥቃት፣ ስለ ቁማር፣ ስለ ስድብ የሚጠይቅ ቅጽ ተሞልቶ ደረጃው ከዚያ ይወጣል። የእኛ አፕ በዚህ ዝቅተኛውን ዕድሜ ቢያገኝ አያስገርምም። ሁለተኛው ግን አፑ ለማን ተሠራ የሚለው ነው፤ እዚያ ከ13 ዓመት በታች ያለውን ክልል ከነኩ የልጆች አፕ ሕግ በሙሉ ይመጣል፣ ማስታወቂያውም የመረጃ አሰባሰቡም በዚያ ይመዘናል። እህል የሚገዛና የሚሸጥ አዋቂ ነውና 18 እና ከዚያ በላይ የሚለውን ብቻ መረጥን። በቅጹ ላይ «ተጠቃሚዎች ይገናኛሉ ወይ?» ለሚለው «አዎ» አልን፤ ይጻጻፋሉና። መጻጻፍ ካለ ደግሞ መጥፎ መልእክት የሚጠቆምበትና ሰው የሚታገድበት ቁልፍ አፑ ውስጥ መኖር አለበት። ያንን ባለፈው ሳምንት ጨምሮታል፣ እግዜር ይስጠው።

እኔን ከሁሉም ያሳሰበኝ መግቢያው ነው። አፑ የሚከፈተው ወደ ኢትዮጵያ ስልክ በሚላክ የኤስኤምኤስ ኮድ ነው። አፑ ከመውጣቱ በፊት ከፍቶ የሚያየው የፕሌይ ስቶር ገምጋሚ የትም አገር ይሁን፣ ያ ኮድ አይደርሰውም፤ በሩ ላይ ከቆመ ደግሞ ውስጡን ስላላየ ይመልሰዋል። ስለዚህ የማይለወጥ ኮድ ያለው የሙከራ ቁጥር አዘጋጀን፤ App access በሚለው ቦታ ቁጥሩን፣ ኮዱንና የትኛው ቁልፍ እንደሚነካ በእንግሊዝኛ ጻፍን፤ አማርኛ ላያነብ ይችላላ። ልጁ በአዲስ ስልክ ሲሞክረው አካውንቱ ተከፈተ፣ የዋጋው ሰንጠረዥ ግን ባዶ ነበር። ባዶ ገጽ ያየ ሰው አፑ አልተሠራም ብሎ ይፈርዳል። ለሦስቱም ገበያ ናሙና ዋጋ፣ ለመልእክቱም ሁለት ንግግር ሞላንበት። ይህ አካውንት አፑ ካለፈ በኋላም መዘጋት የለበትም፤ አዲስ እትም በተላከ ቁጥር ሊከፍቱት ይችላሉ።

ልጁ አሁኑኑ ማስታወቂያ አሳትሞ «ከቅዳሜ ጀምሮ» ብሎ ገበያ ላይ ሊለጥፍ ይፈልጋል። ግምገማው እስከ 7 ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ስለሚወስድ ቀኑን አትጻፍ አልኩት። ካለፈ በኋላም ወዲያው እንዳይወጣ Managed publishing የሚለውን አብርተነዋል፤ ወረቀቱ ታትሞ ሲመጣ እኛው እንለቀዋለን።