ውፍረቱን ለኩ፣ እንባዬን ረሱ

መነጽር የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ቨርጂኒያ ከመጣሁ በኋላ ወደ ኮንታክት ሌንስ ዞርኩ። ስድስት ዓመት ተስማማኝ፤ ከዚያ ዓይኔ እምቢ አለ። ከሰዓት በኋላ ሲሆን አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል። «በቃ፣ በሌዘር ልገላገል» አልኩ። ያኔ አንድ ሰው «ዓይንህ ሌንሱን እምቢ ያለው ለምን ይመስልሃል?» ብሎኝ ቢሆን ይህን አልጽፍም ነበር።

የመጀመሪያው ምርመራ ነፃ ነው ተባልኩ። (ነፃ ሲባል መሮጥ እወዳለሁ።) ዕድሜዬ 34፣ ቁጥሬ ማይነስ 5.5፣ ሦስት ዓመት ሳይለወጥ የቆየ። ኮርኒያዬን፣ ማለትም የዓይኔን የፊት መስታወት፣ በማሽን ፎቶ አነሱት። ቅርጹ ደህና ነው፤ እየሾጠጠ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ይመልሱኝ ነበር። ውፍረቱ 540 ማይክሮን። ከኮርኒያው ላይ ተቆርጦ ለሚከፈተው ስስ ክዳን 110 ይሄዳል። ሌዘሩ ለአንድ ቁጥር 14 ገደማ ስለሚልጥ ሌላ 77። የሚቀረው 353፣ መቅረት ካለበት ከ300 በላይ ነው። «አለፍክ!» አለችኝ አማካሪዋ። ይህን ሂሳብ በወረቀት ሠርታ አሳየችኝ። ስለ እንባ ግን አንድ ቃል አልወጣትም።

የሌዘር ቀዶ ጥገናው ሦስት ዓይነት አለ። ላሲክ ላይ ስስ ክዳን ቆርጠው ያነሱና ከሥሩ በሌዘር ቀርጸው ይመልሱታል። ፒአርኬ ክዳን የለውም፤ የላዩን ቆዳ ገፈው ይቀርጹና ቆዳው ራሱ ይበቅላል። ጥቂት ቀን ያማል፣ እይታውም ቀስ ብሎ ነው የሚጠራው። ስማይል ደግሞ ከውስጥ ስስ ምስር የመሰለች ቁራጭ በሌዘር ለይቶ በጥቂት ሚሊሜትር ቀዳዳ ያወጣል። እኔ ማታ ታክሲ ነጂ ነኝ፤ ቶሎ ሥራ የሚያስገባኝን ላሲክን መረጥኩ።

ቀዶ ጥገናው ራሱ ሩብ ሰዓት አልሞላም። የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ሽታ አለ። በማግስቱ ያለ መነጽር የመንገድ ታርጋ አነበብኩና እናቴ ጋ ደወልኩ።

ደስታው ሦስት ሳምንት ቆየ። ጥር ነበር። የመኪናው ማሞቂያ ፊቴ ላይ ሲነፋ እይታዬ ይደበዝዛል፣ ዓይኔን ስጨፍን ይጠራል፣ ደግሞ ይደበዝዛል። ዓይን ሲደርቅ እንዲህ ነው፤ የመነጽር ቁጥር ቢሆን ኖሮ በመጨፈን አይስተካከልም። በመብራቶች ዙሪያ ቀለበት አየሁ። ሌሊት ስነቃ የዓይኔ ቆብ ከዓይኔ ጋር ተጣብቆ፣ ስገልጠው እንደ ምላጭ ይቆርጠኛል። ሥራ በሳምንት ሁለት ቀን ቀነስኩ።

ተመልሼ ሄድኩ። ሰሌዳውን አስነበቡኝ። «20/20 ታያለህ፣ ውጤቱ ግሩም ነው። ጠብታ ጨምር።» ሁለተኛ ጊዜ ሄድኩ፣ ያው። ሰሌዳ መቆርቆርን አይለካም ብዬ መጮህ አማረኝ። አልጮህኩም፤ አመስግኜ ወጣሁ። እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ። እሷ ከታችኛው የዓይኔ ቆብ ሥር ትንሽ ወረቀት ሰክታ አምስት ደቂቃ ጠበቀች። እንባ ወረቀቱን ከ10 ሚሊሜትር በላይ ቢያረጥበው ደህና ነው። የእኔ 4። «ሌንስ ያስቸግርህ የነበረው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ዝም ብላ ጻፈች። ዓይን መድረቁን የሚነግሩት ነርቮች ክዳኑ ሲቆረጥ አብረው ይቆረጣሉ፤ ነርቩ ካልተናገረ እንባም ይቀንሳል፣ ዓይን መርገብገቡም። አብዛኛው ሰው ላይ በወራት ውስጥ ይመለሳል። ቀድሞ የደረቀ ዓይን ግን ከኪሳራ ነው የሚጀምረው። ስማይል የሚቆርጠው ጥቂት ስለሆነ ይሻላል፤ ከድርቀት ነፃ የሚያወጣ ግን የለም።

እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል የሌለበት፣ በትንንሽ ብልቃጥ የሚሸጥ ጠብታ አዘዘችልኝ፤ በቀን ስድስትና ሰባት ጊዜ ስጨምር ኬሚካል ያለበት ራሱ ዓይን ያስቆጣል። የእንባ መውረጃ ቀዳዳዬን በትንሽ ውታፍ ደፈነች። እንባ እንዲጨምር የሚረዳ የሳይክሎስፖሪን ጠብታም ጀመርኩ፤ ለመሥራት ወራት ይፈልጋል። ስምንተኛው ወር ላይ ማታ መንዳት ቻልኩ።

ለስላሳ ሌንስ ከምርመራው ሁለት ሳምንት በፊት አውልቅ ይላሉ። እኔ ወር በሉት እላለሁ፤ መነጽር የገደለው የለም። ምርመራውን ጠዋት ሳይሆን ዓይናችሁ በሚደክምበት ሰዓት አድርጉት። ወረቀቱ ካልተሰካላችሁ ራሳችሁ ጠይቁ። «ዛሬ ከከፈልክ ቅናሽ አለ» ከተባላችሁ ኮታችሁን ልበሱ።

ታናሽ ወንድሜ በቀደም ሌዘር ልሠራ ብሎ ተነሳ። 20 ዓመቱ ነው፣ ቁጥሩ ባለፈው ዓመት ከማይነስ 3 ወደ 3.75 ሄዷል። ይዤው እዚያችው ወረቀት የሰካችልኝ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ወረቀቱ 17 ሚሊሜትር ረጠበ፣ «ቁጥርህ እስኪቆም ግን ጠብቅ» አለችው። መንገዱን ሙሉ አኮረፈኝ።