እርጥብ ጨርቅ ጎንደር ላይ እስከ ስንት ዲግሪ ይወርዳል?

በጋ ላይ ጎንደር አየሩ ደረቅ ነው፣ እርጥብ ነገር ነፋስ ሲያገኘው ይቀዘቅዛል፣ ይሄን ማንም ያውቃል። እኔ ግን እስከ ስንት እንደሚወርድ መጀመሪያ በወረቀት አስልቼ ከዛ በቴርሞሜትር ላየው ፈለግኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ውሃው ለመትነን ሙቀት ይፈልጋል፣ ሙቀቱን ደግሞ ከአየሩ ነው የሚወስደው። ከአየሩ የሚገባው ሙቀት እና እንፋሎቱ ይዞት የሚወጣው እኩል ሲሆኑ ዲግሪው እዛው ይቆማል። ሙቀቱ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚገባ ለብቻው ማወቅ ያስቸግራል፣ እንፋሎቱማ ይብሳል፣ ግን ሁለቱም የሚያልፉት ጨርቁ ላይ በተለጠፈችው በዛችው ቀጭን የአየር ሽፋን ውስጥ ስለሆነ አንዱን ለሌላው ስታካፍለው የነፋሱ ፍጥነትም የጨርቁ ቅርጽም ተሰርዞ ይጠፋል። የሚቀረው ሙቀት በአየር ውስጥ የሚሰራጭበትን ፍጥነት እንፋሎት ከሚሰራጭበት ጋር የሚያነጻጽረው የሉዊስ ቁጥር (Le) ነው፣ ለውሃ እንፋሎት 0.85 አካባቢ።

```
T - Ts = 0.622 L (ps - pv) / (cp p Le^(2/3))
```

T የአየሩ ሙቀት፣ Ts የጨርቁ፣ L የትነት ሙቀት፣ cp የአየሩ ስፔሲፊክ ሂት፣ ps ጨርቁ ላይ ያለው የእንፋሎት ግፊት፣ pv አየሩ ውስጥ ያለው፣ 0.622 ደግሞ የውሃ ሞለኪውል ክብደት ለአየር ሲካፈል ነው። የአየሩ ግፊት p ግን ዋናው ነው፣ መጽሐፍ ላይ 101.3 ኪሎፓስካል ይላል፣ እኛ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆንን 78 አካባቢ ነው።

አየሩ 28 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 30% ሲሆን pv 1.13 ኪሎፓስካል ይመጣል። ps ራሱ በTs ስለሚወሰን እየገመትክ ነው የምትሞክረው። 16 ስትል ግራው 12፣ ቀኙ 14.7፣ ስለዚህ ገና ይወርዳል ማለት ነው። 15 ስትል ግራው 13፣ ቀኙ 12.3፣ አሁን አለፍከው። 15.2 ላይ ይገጥማል። በ101.3 ብትሰራው 16.2 ነበር የሚወጣው፣ ከፍታችን ብቻውን አንድ ዲግሪ ቀነሰልን።

ከዛ የቴርሞሜትሩን ጫፍ በጥጥ ጨርቅ ጠቅልዬ አረጠብኩት፣ ፋን ሳልከፍት 17 አካባቢ ቆመ። ሂሳቡ ተሳስቶ አይደለም፣ ግድግዳውና ጣሪያው በጨረር ሙቀት ይልኩበታል፣ ይሄ ደግሞ በአየሩ ሽፋን ስለማያልፍ ቀመሩ ውስጥ የለም። ፋኑን ስከፍተው በአየሩ የሚገባው ሙቀትም የሚወጣው እንፋሎትም አብረው ጨመሩ፣ የጨረሩ ድርሻ አነሰ፣ 15 ተኩል ገባ። ስለዚህ ነፋስ ቀመሩ ላይ ባይታይም ጨረሩን ለማሸነፍ ያስፈልጋል፣ ውሃውንም ቶሎ ይጨርሰዋል።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ጨርቁ መድረቅ ሲጀምር ነው። ቆሞ የነበረው ዲግሪ ቀስ እያለ ወደ ላይ መውጣት ከጀመረ አየሩ ሞቆ ነው ብላችሁ አትመዝግቡ፣ መጀመሪያ ጨርቁን በእጅ ዳሱት። በክረምት ደግሞ አትድከሙ፣ 20 ዲግሪ እና 85% እርጥበት ብታስገቡ ቀመሩ የሚሰጣችሁ ሁለት ዲግሪ የማይሞላ ልዩነት ነው፣ ተራ ቴርሞሜትር ደግሞ ራሱ አንድ ዲግሪ ሊስት ይችላል።