«ስለ እኩልነት መጓደል ተወያዩ»

ዛሬ ግማሽ ቀኔን የበላችው ይህች የድርሰት ጥያቄ ናት። መጀመሪያ «የእኩልነት መጓደል ማኅበረሰብን ይጎዳል» ብዬ ጻፍኩ። ማን ይቃወመኛል? ማንም። ተቃዋሚ የሌለው ዐረፍተ ነገር ደግሞ መከራከሪያ አይሆንም።

ስለዚህ ማጥበብ ጀመርኩ። በምን ረገድ? በትምህርት። በማንና በማን መካከል? ቤቱ ጸጥታና የሚያግዘው ሰው ባለው ተማሪና በሌለው መካከል። በምን ምክንያት? እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ፤ «በድህነት» ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር፣ ግን ወደ ጀመርኩበት ይመልሰኛል። በመጨረሻ እንዲህ ወጣ፦ «ለቤት ሥራ ማርክ መስጠት ከተማሪው ችሎታ ይልቅ የቤቱን ሁኔታ ስለሚለካ፣ በተማሪዎች መካከል ያለውን ልዩነት ያሰፋል።»

ጓደኛዬ አንብባው «ማርክ ከሌለውማ ማን ይሠራዋል?» ብላ ተቆጣች። ደስ አለኝ፤ ሁለተኛው አንቀጽ ለእርሷ መልስ ይሆናል።