በአንድ ስልክ ላይ ሁለት ቀን፦ ስለ ቋንቋና ሪጅን ሴቲንግ የተማርኩት

ሰሞኑን የስልኬን የቋንቋ ሴቲንግ ስፈትሽ ነው የሰነበትኩት። መነሻዬ ያመለጠኝ ቀጠሮ ነው። የቀጠሮ መያዣ አፑ 05/03/2025 ይል ነበር፤ እኔ ሜይ 3 ብዬ አነበብኩት። ቀጠሮው ግን ማርች 5 ነበር። የሚገርመው፣ እዚያው ስልክ ላይ ያለው ካላንደር ያንኑ ቀጠሮ 3/5/25 ብሎ ነው የጻፈው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንደኛው ቀኑን ያስቀድማል፣ ሌላኛው ወሩን።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ነው። ስልኬ አንድሮይድ ነው፣ ቋንቋው English (United States)። ያንን አንድ አፕ ብቻ ወደ አማርኛ ቀይሬው ነበር። አማርኛ ጽሑፍ ብቻ ያመጣልኛል ብዬ አስቤ ነበር። የቀኑን አጻጻፍም ይዞ መጣ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አንድሮይድ ላይ ቋንቋና ሪጅን በአንድ መለያ ተጣምረው ነው የሚቀመጡት። የእኔ ስልክ መለያ en-US ነው። የፊተኛው ቋንቋውን፣ የኋለኛው አገሩን ይናገራል። አፑ ቃላቱን የሚመርጠው ከዚህ መለያ ነው፤ ቀንን፣ ሰዓትን፣ የቁጥር ነጥብና ሰረዝን የሚያስቀምጠውም ከዚሁ ነው። አፑን ለብቻው አማርኛ ስናደርገው ለእሱ ብቻ መለያው am ይሆናል። የአማርኛ አጭር የቀን አጻጻፍ ደግሞ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ነው። en-US ግን ወሩን ያስቀድማል። ካላንደሩ እንደ ስልኩ ቀረ፣ የቀጠሮ አፑ መንገዱን ለወጠ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። አማርኛ መረጥን ማለት የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር መጣ ማለት አይደለም። ወሮቹ ማርች፣ ኤፕሪል ተብለው በግዕዝ ፊደል ይጻፋሉ እንጂ ቀመሩ የፈረንጆቹ ነው። መጋቢት የሚለውን የምንጠብቅ ከሆነ አፑ ራሱ ያንን አቆጣጠር መደገፍ አለበት።

አይፎን ላይ አሠራሩ ይለያል። እዚያ ሪጅን ከቋንቋ ተለይቶ የራሱ ቦታ አለው፤ Language & Region ውስጥ ይገኛል። ለአንድ አፕ ቋንቋ መምረጥ ይቻላል፣ ሪጅን ግን ለአፕ ለብቻው አይመረጥም። ለሙሉ ስልኩ አንድ ነው። ስለዚህ የአይፎን ተጠቃሚ ጓደኛችሁ የሚሰጣችሁ ምክር አንድሮይድ ላይ ላይሠራ ይችላል።

ወደ እኔ ስልክ ልመለስ። አንድሮይድ 13 ከመጣበት ከ2022 ጀምሮ ለየአፑ ቋንቋ መምረጫ በሴቲንግ ውስጥ አለ። Settings፣ System፣ Languages ብላችሁ App languages ታገኛላችሁ። የስልኩ አምራች ቦታውን ቀይሮት ከሆነ ሴቲንግ ላይ ባለው መፈለጊያ App languages ብሎ መጻፍ ይበቃል። ዝርዝሩ ውስጥ ሁሉም አፕ አይታይም። የሚታየው አዘጋጆቹ የሚደግፏቸውን ቋንቋዎች ለስልኩ ያሳወቁለት አፕ ብቻ ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ አፕ ግን በራሱ ሜኑ ውስጥ ቋንቋ መምረጫ ሊኖረው ይችላል። ያኔ ምርጫውን የሚያስቀምጠው አፑ ራሱ ነው፣ ስልኩ አያውቀውም። የስልኩን ቋንቋ ብትለዋውጡም እሱ ንቅንቅ አይልም። እኔ አንዱን አፕ እንዲህ ሆኖብኝ ተበላሽቷል ብዬ ነበር። ከዓመታት በፊት እዚያው ውስጥ እንግሊዝኛ መርጬ ረስቼው ኖሯል።

ስልኩ በበኩሉ ለአንድ አፕ ምን እንደመዘገበ በግምት ሳይሆን በማስረጃ ለማየት ስልኬን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ adb በሚባለው የአንድሮይድ ፕሮግራመሮች መሣሪያ ይህችን ትዕዛዝ ተጠቀምኩ። የመጨረሻው ስም በአፑ የፓኬጅ ስም ይተካል።

```
adb shell cmd locale get-app-locales com.example.app
```

መልሱ ቅንፍ ውስጥ am ካለ ለዚያ አፕ የተለየ ምርጫ ተመዝግቧል። ቅንፉ ባዶ ከሆነ አፑ የስልኩን ቋንቋ ይከተላል፣ ወይም ምርጫውን በራሱ ሆድ ይዟል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ግን ሌላ ነው። አፑ አማርኛ ሆኖ ሳለ አንዳንድ ነገሩ ለምን እንግሊዝኛ እንደሚቀር ማወቅ ፈለግሁ። አሁን እንግሊዝኛ ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን ጽሑፍ የጻፈው ማነው? ካሜራ ልጠቀም ወይ ብሎ ፈቃድ የሚጠይቀው ሳጥን የስልኩ ነው፣ በስልኩ ቋንቋ ይመጣል። ከአይከኑ ሥር ያለውን ስም የሚያሳየው ሆም ስክሪኑ ነው፣ እሱም ስልኩን ይከተላል። አማርኛ ገጽ መሀል ላይ አንድ እንግሊዝኛ በተን ካለ ደግሞ ያ ቃል አልተተረጎመም ማለት ነው። አንድሮይድ ትርጉም ላጣበት ቃል አፑ ሲሠራ መነሻ የተደረገውን ቋንቋ ያመጣል፤ ያ አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። ይህን ሴቲንግ አያስተካክለውም።

ኖቲፊኬሽን ከሁሉም ያስቸግራል። የቀጠሮ ማስታወሻው በእንግሊዝኛ ይመጣል፣ ስነካው የሚከፈተው ገጽ አማርኛ ነው። ጽሑፉ ተዘጋጅቶ የሚላከው ከሰርቨር ነበር። ሰርቨሩ የሚያውቀው አካውንት ስከፍት የተመዘገበውን ቋንቋ ነው። ስልኬ ላይ የቀየርኩት እዚያ አልደረሰም። አፑ ውስጥ ፕሮፋይል የሚለው ገጽ ላይ የመልእክት ቋንቋ የሚል ቦታ አገኘሁ፤ እዚያ ስቀይረው ቀጣዩ ማስታወሻ በአማርኛ መጣ።

ቀኖቹን ለማስታረቅ መጀመሪያ የሞከርኩት Regional preferences የሚለውን ነው፤ አንድሮይድ 14 ላይ የመጣ ነው። ሙቀቱን ወደ ሴልሺየስ፣ የሳምንቱን መጀመሪያ ወደ ሰኞ ቀየርኩ። ሁለቱም ሠሩ። የቀኑ ቅደም ተከተል ግን እንዳለ ቀረ። ምክንያቱም እሱ ከመለያው ነው የሚመነጨው፣ ለብቻው የሚነካበት ቦታ እዚያ የለም።

ስለዚህ ራሱን መለያውን ቀየርኩ። የቋንቋ ዝርዝሩ ላይ English (United Kingdom) ጨምሬ ወደ ላይ ጎትቼ አንደኛ አደረግሁት። ቃላቱ እንግሊዝኛ እንደሆኑ ቀሩ፣ ካላንደሩ ግን 05/03/2025 ማለት ጀመረ። ከአማርኛው አፕ ጋር ቁርጥ አንድ ሆነ።

ይህ ለውጥ ጥሩ መመርመሪያም ነው። ከመቀየሬ በፊት ቀን የሚያሳዩትን አፖች ስክሪንሾት አንስቼ ነበር፣ ከቀየርኩ በኋላ ደግሞ አነሳሁ። ቀናቸው የተገለበጠው ስልኩን የሚከተሉ ናቸው። ያልተገለበጡት ወይ የራሳቸው መለያ አላቸው፣ ወይ ቀኑ በጽሑፍ መልክ ከሰርቨር ይመጣላቸዋል፣ ወይ ደግሞ ፕሮግራመሩ አጻጻፉን ኮዱ ውስጥ ቸክሎታል። እኔ ዘንድ አንድ የወጪ መመዝገቢያ አፕ አሁንም ወሩን እንዳስቀደመ ነው። App languages ውስጥ የለም፣ ትዕዛዙም ባዶ ቅንፍ መለሰ፣ ኢንተርኔት ዘግቼም ቀኑ ያው ነው። የእሱ ኮዱ ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ ሁለቱን ስክሪንሾት አያይዤ ለአዘጋጆቹ ጽፌላቸዋለሁ።