ጅማ፣ ዝናቡና የሙዝ ሠራተኞቹ

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወልቂጤንም የጊቤን ሸለቆም በእንቅልፍ አለፍኳቸው። ስንደርስ ይዘንብ ነበር። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ እኛ ዘንድ ዝናብ ሲመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ ያየዋል። እዚህ ማንም ቁብ አልሰጠውም።

አልጋው በስልክ 800 ብር ነበር። ቦርሳዬን ካስገባሁ በኋላ 1,200 ሆነ። «800 ያለ ሰው የለም» አለኝ፣ ያንኑ ስልክ ያነሳው ሰው። ድምፁን ለይቼዋለሁ። ከፈልኩ፤ ነገር ግን ሌሊቱን ከቆርቆሮው ጩኸት ይልቅ ያቺ አባባል ስታብከነክነኝ አደረች።

በማግስቱ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ዝናብ ለመጠለል ከአንዲት ቡና ቤት ገባሁ። አንድ ጡረተኛ መምህር የያዝኩትን መጽሐፍ አይተው ወንበር ሳቡልኝ። የኮሎምቢያዊው ደራሲ የጋብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝ ልቦለድ፣ «የመቶ ዓመት ብቸኝነት» ነበር።

«ሴቲቱ ከነአንሶላው ወደ ሰማይ የምታርግበት? ተረት ነው፣ ልጄ።»

«እሺ ጋሼ፣ የሙዝ ሠራተኞቹስ?» ብዬ ገጹን ገለጥኩ።

ታሪኩ እውነት ነው። በኮሎምቢያ፣ ሲዬናጋ ከተማ፣ በታኅሣሥ 1928 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የሙዝ ኩባንያ የዩናይትድ ፍሩት ሠራተኞች አድማ መትተው ሳለ ወታደሩ ተኮሰባቸው። አዛዡ ያመነው 47 ሟቾችን ነው፤ የአሜሪካ ኤምባሲ መልእክት ከ1,000 በላይ ይላል። ቁጥሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

ልቦለዱ ውስጥ ግድያው ያለ አንዳች ተአምር ነው የሚነገረው፦ ባቡር ጣቢያ፣ መትረየስ፣ የአምስት ደቂቃ ማስጠንቀቂያ። እንግዳው ነገር ጎልቶ የሚመጣው ከተኩሱ በኋላ ነው። ከአድማው መሪዎች አንዱ የሆነው ሆሴ አርካዲዮ ሴጉንዶ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጋ ፉርጎ ባለው ባቡር ላይ በሬሳ መካከል ይነቃል፤ ዘልሎ ወርዶ በዶፍ ዝናብ ይመለሳል። አንዲት ሴት ቡና ትሰጠዋለች። ጠጥቶ ሲጨርስ ሦስት ሺህ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላታል። እርሷ ግን እዚህ የሞተ ሰው የለም ትለዋለች። መንግሥትም ሠራተኞቹ በደስታ ወደ ቤታቸው እንደሄዱ፣ ኩባንያውም ዝናቡ እስኪያባራ ሥራ ማቆሙን ያውጃል። ዝናቡ አራት ዓመት ከአሥራ አንድ ወር ከሁለት ቀን ይዘንባል።

«ስለዚህ ዝናቡን ለጌጥ አልጨመረውም» አልኳቸው። «ያየኸውን ሁሉ አገሩ አንድ ሆኖ ሲክድህ ያለውን ስሜት ሰነድ አይዘግበውም። ተአምሩን አውጥተው ያንብቡት፤ ግድያው ይቀራል፣ ክህደቱ ግን ተራ ወሬ ይሆናል። የሴቲቱን ዕርገት ቢያወጡ ግን ግድያው ምንም አይጎድልበትም። እኔ ለጌጥ የገባውን ተአምር ከሌላው የምለየው በዚህ ነው።»

«ሦስት ሺሁስ?»

ማርኬዝ ራሱ ያን ቁጥር የመረጠው ባቡሩን ለመሙላት እንደሆነ ተናግሯል፤ አልደበቅኳቸውም። መምህሩ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ካጂ ደግሞ አንድ የተጋነነ ቁጥር ካገኘ ሌላውንም ሁሉ ውሸት ለማለት ይበቃዋል። ደግሞ የአብዛኞቹን ሟቾች ስም አልነገረንም፤ ከአድማው የምናውቀው ያመለጠውን ነው።»

ለመጀመሪያው ነቀፋቸው፣ ልቦለድ ታሪክ ጸሐፊን እንደማይተካ በመናገር መለስኩላቸው፤ ለሁለተኛው መልስ አልነበረኝም። የቡናውን ከፈሉ፤ ብለምናቸውም እምቢ አሉ። ከዚያ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለመውጣት ባጃጅ ፈለግሁ። ሾፌሩ የጠራው ዋጋ ከመምህሩ ግምት እጥፍ ነበር፤ ጭቃውን ሳየው ግን አልተከራከርኩም።