ሠራተኞቹ በእርግጥ ከሁሉ የከፋ ዕጣ ነበራቸውን? አንድ የካይ ስኩዌር ውጤት ያቀረብሁበት መንገድ

በድኅረ ምረቃ የስታቲስቲክስ ኮርስ ላይ እያንዳንዳችን አንድ የካይ ስኩዌር ፈተና፣ ማለትም ሁለት ነገሮች መዛመድ አለመዛመዳቸውን በቆጠራ የሚመረምር ፈተና፣ ሠርተን በክፍል ፊት እንድናቀርብ ታዝዘን ነበር። እኔ የመረጥሁት አር ከተባለው ሶፍትዌር ጋር አብሮ የሚመጣውንና Titanic የሚል ስም ያለውን ዳታ ነው። ዳታው በሚያዝያ 1904 ዓ.ም.፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1912፣ በሰጠመችው መርከብ ላይ የነበሩ 2,201 ሰዎችን በማዕረግ፣ በጾታ፣ በዕድሜና በመትረፍ ከፋፍሎ ይዟል። ጥያቄዬ ቀላል ነበር፤ አንድ ሰው በመርከቢቱ ላይ የነበረው ማዕረግ ከመትረፉ ጋር የተያያዘ ነው ወይስ ሁለቱ አይዛመዱም?

የመጀመሪያው ስላይዴ ላይ የነበረው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «p = 0.000፤ ግንኙነቱ እጅግ ከፍተኛ ነው።» p ወይም ፒ ቫልዩ የሚባለው፣ ዝምድና ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል ነው። መምህራችን ስላይዱን ለአፍታ ተመልክተው «የታየውን ነገርሽን፤ የጠበቅሽውስ ስንት ነበር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የሚጠበቀውን ብዛት ሶፍትዌሩ በውስጡ እንደሚያሰላው አውቅ ነበር እንጂ አንድም ጊዜ አውጥቼ አይቼው አላውቅም ነበር። በዚያው ምሽት ቁጭ ብዬ በእጄ አሰላሁት።

ስሌቱ የሚጀምረው ከአንድ ግምት ነው፤ ማዕረግና መትረፍ ባይዛመዱ ኖሮ በሁሉም ማዕረግ ያሉ ሰዎች በአንድ ዓይነት መጠን በተረፉ ነበር። ከ2,201 ሰዎች የተረፉት 711 ስለሆኑ ያ የጋራ መጠን 32.3 በመቶ ነው። በአንደኛ ማዕረግ 325 ሰዎች ስለነበሩ የሚጠበቁት ተራፊዎች 325 × 711 ÷ 2201፣ ማለትም 105 ያህል ናቸው። በእርግጥ የተረፉት ግን 203 ነበሩ። ለሌሎቹም በዚሁ መንገድ ሠርቼ የታየውንና የሚጠበቀውን ጎን ለጎን አስቀመጥሁ።

| ማዕረግ | ጠቅላላ | የተረፉ | የሚጠበቅ | የተረፉ በመቶ |
|---|---|---|---|---|
| አንደኛ | 325 | 203 | 105.0 | 62.5 |
| ሁለተኛ | 285 | 118 | 92.1 | 41.4 |
| ሦስተኛ | 706 | 178 | 228.1 | 25.2 |
| ሠራተኞች | 885 | 212 | 285.9 | 24.0 |

የሚጠበቀው ብዛት በነጥብ መጻፉ መጀመሪያ ግራ አጋብቶኝ ነበር፤ 228.1 ሰው የሚባል ነገር የለምና። ይሁን እንጂ ይህ የሰው ቆጠራ ሳይሆን የማወዳደሪያ ልክ ስለሆነ ማጠጋጋት አይገባም፤ ካጠጋጉት የዓምዱ ድምር ከ711 ጋር ላይገጥም ይችላል፣ የካይ ስኩዌሩም ዋጋ በትንሹ ይዛባል።

ከዚህ በኋላ በእያንዳንዱ ሕዋስ ላይ በታየውና በሚጠበቀው መካከል ያለው ልዩነት በራሱ ተባዝቶ ለሚጠበቀው ይካፈላል፤ የስምንቱ ሕዋሳት፣ ማለትም በአራቱ ማዕረግ የተረፉትና የሞቱት፣ ውጤት ሲደመር 190.4 ይሆናል። ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ፣ ማለትም ድምሮቹ ከታወቁ በኋላ በነፃነት ሊለዋወጡ የሚችሉት ሕዋሳት ብዛት፣ 3 ነው። ትልቁ ትምህርት ያገኘሁት ግን ከድምሩ ሳይሆን ድምሩን ከሠሩት ቁጥሮች ነው፤ ከ190.4 ውስጥ 135 ያህሉ፣ ማለትም ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው፣ የመጣው ከአንደኛ ማዕረግ ሁለት ሕዋሳት ብቻ ነበር። «ማዕረግ ከመትረፍ ጋር ይዛመዳል» የሚለው አጠቃላይ ዐረፍተ ነገር ይህንን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል።

በአር ይህን ሁሉ ለማግኘት የሚበቃው የሚከተለው ነው።

```
tab <- margin.table(Titanic, c(1, 4))
res <- chisq.test(tab)
res
res$expected
res$stdres
```

ሶፍትዌሩ p-value < 2.2e-16 ብሎ ያትማል። እኔ 0.000 ብዬ መጻፌ ስሕተት ነበር፤ ፒ ቫልዩ በጣም ያንሳል እንጂ ዜሮ አይሆንም፤ ስለዚህ «p < 0.001» ብሎ መጻፉ ትክክልም በቂም ነው። ደግሞም የፒ ቫልዩ ማነስ የዝምድናውን ጥንካሬ አይናገርም። ሰንጠረዡን እንዳለ በዐሥር ብናባዛው መቶኛዎቹ ሳይነቃነቁ ካይ ስኩዌሩ ወደ 1904 ይወጣል። የሰው ብዛት እንዲህ የማያሳብጠው መለኪያ ስለሚያስፈልግ የክራመርን ቪ አሰላሁ። 190.4ን ለ2,201 አካፍለን የካሬ ሥሩን ስንወስድ 0.29 እናገኛለን፤ የተፈተነው ሰንጠረዥ የተረፉና የሞቱ የሚሉ ሁለት ዓምዶች ብቻ ስላሉት ተጨማሪ ማካፈል አያሻም።

በተለመደው ልኬት 0.1 ደካማ፣ 0.3 መካከለኛ፣ 0.5 ጠንካራ ይባላል፤ እኔም «መካከለኛ» ብዬ ጻፍሁ። ቃሉ ግን ብቻውን ሲቆም አይዋጥልኝም። ከመቶ 62 መትረፍና ከመቶ 24 መትረፍ ለሰው ልጅ ሕይወት «መካከለኛ» ልዩነት ነውን? ስለዚህ ቪውን ከመቶኛዎቹ ሳልለይ ማቅረብን ልማድ አደረግሁ።

ቀጥሎ የመጣው ንድፉን ማንበብ ነው፤ የተሳሳትሁትም እዚህ ላይ ነው። የተስተካከሉትን ሪዚጁዋሎች፣ ማለትም እያንዳንዱ ሕዋስ ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደራቀ በአንድ ዓይነት ሚዛን የሚያሳዩትን ቁጥሮች፣ ስመለከት ለተራፊዎች አንደኛ ማዕረግ 12.6፣ ሁለተኛ 3.5፣ ሦስተኛ −4.9፣ ሠራተኞች −6.9 ሆኑ። በግምት ከ2 በላይ ወይም ከ−2 በታች የሆነ ቁጥር ትኩረት ይሻል። እኔም በሁለተኛው አቀራረቤ ላይ በሙሉ ልብ «ከሁሉም የከፋ ዕጣ የደረሳቸው የመርከቢቱ ሠራተኞች ናቸው» አልሁ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ የክፍል ጓደኛዬ እጁን አውጥቶ «ሠራተኞቹ ውስጥ ስንት ሴት ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።

ሃያ ሦስት። ከ885 ውስጥ 23 ብቻ። በዚያች መርከብ ላይ ከሴቶች 73 በመቶ ሲተርፉ ከወንዶች የተረፉት 21 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ የሚጠበቀው 285.9 የተሰላው የሴቶችና የወንዶች ድብልቅ በሆነ የጋራ መጠን ሲሆን፣ እኔ ግን ከሞላ ጎደል ወንዶች ብቻ ከሆኑበት ቡድን ጋር አወዳድሬዋለሁ። የሒሳቡ አሠራር አልተሳሳተም፤ ስሕተቱ «የሚጠበቅ» የሚለውን ቃል «ሊሆን የሚገባው» ብዬ መረዳቴ ነበር። የሚጠበቀው ብዛት የሚያውቀው የረድፉንና የዓምዱን ድምር ብቻ ነው፤ ጾታ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም።

ወንዶችን ብቻ ለይቼ ፈተናውን ደገምሁት። በአንደኛ ማዕረግ ከ180 ወንዶች 62፣ በሁለተኛ ከ179 ወንዶች 25፣ በሦስተኛ ከ510 ወንዶች 88፣ ከሠራተኞች ደግሞ ከ862 ወንዶች 192 ተርፈዋል። ካይ ስኩዌሩ ወደ 29.9፣ ቪውም ወደ 0.13 ወረደ። የሠራተኞቹ ሪዚጁዋል ከ−6.9 ተነሥቶ 1.1 ሆነ። ይህ ማለት ወንድ ሠራተኞች ከሌሎች ወንዶች ጋር ሲነጻጸሩ ከሚጠበቀው በታች አልነበሩም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ከፍ ይላሉ፣ ልዩነቱ ግን ወሬ የሚበቃው አይደለም። በሙሉ ልብ የተናገርሁት ዐረፍተ ነገር በአንድ ጥያቄ ፈረሰ።

በሴቶቹ ዘንድ የነበረው መልክ ደግሞ ፍጹም ሌላ ነው። ከአንደኛ ማዕረግ 145 ሴቶች የሞቱት 4 ብቻ ሲሆኑ ከሦስተኛ ማዕረግ 196 ሴቶች ግን 106 ሞተዋል፤ ቪው 0.53 ደርሷል። ስለዚህ የመጀመሪያው 0.29 ለወንዶቹም ለሴቶቹም በትክክል የማይናገር ቁጥር ነበር፤ ለአንዱ ይበዛል፣ ለሌላው ያንሳል።

የሴቶቹን ሰንጠረዥ ሳቀርብ ሌላ ተቃውሞ ገጠመኝ። «4 እና 3 የሚሉ ሕዋሳት አሉ፤ ከ5 በታች ሲሆን ካይ ስኩዌር አይሠራም አይደለም ወይ?» ተባልሁ። ደንቡ ግን ስለሚጠበቀው ብዛት እንጂ ስለታየው አይደለም። ከአንደኛ ማዕረግ ሴቶች ሊሞቱ ይጠበቁ የነበሩት 38.9 ናቸው፤ 4 መሆናቸው ፈተናውን የሚያበላሽ ጉድለት ሳይሆን ፈተናው ያገኘው ነገር ራሱ ነው። ከሴት ሠራተኞች የሞቱት 3 ሲሆኑ የሚጠበቀው 6.2 ነበር፤ ጠባብ ቢሆንም ከ5 ይበልጣል። ቁጥሩ ከዚያ ቢያንስ ኖሮ የፊሸርን ፈተና እጠቀም ነበር።

በወንዶቹ ላይ የቀረኝ አንድ ነገር ነበር። ሁለተኛ ማዕረግ 14.0 በመቶ፣ ሦስተኛ 17.3 በመቶ መሆኑን ሳይ «ሁለተኛ ማዕረግ ከሦስተኛም ያነሰ ነበር» ለማለት ምላሴ በላኝ፤ ነገር ግን የሦስት ነጥብ ልዩነት በዚህ ያህል ሰው ላይ ትንሽ ነገር መሆኑን አስልቼ አለፍሁት። በኋላ ዳታው ዕድሜንም እንደያዘ ትዝ ሲለኝ ልጆችን ለይቼ አየሁ። ከሁለተኛ ማዕረግ ወንዶች ልጆች 11ዱም ተርፈዋል። እነርሱ ሲወጡ ከ168 ጎልማሶች የተረፉት 14፣ ማለትም 8.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በሦስተኛ ማዕረግ ግን ከ462 ጎልማሶች 75፣ 16.2 በመቶ። ያለፍሁት ልዩነት በልጆቹ ተሸፍኖ ነበር። ለምን እንዲህ ሆነ ለሚለው ሰንጠረዡ መልስ የለውም፤ በየጀልባው በኩል የነበሩት መኮንኖች «ሴቶችና ሕፃናት ይቅደሙ» የሚለውን ትእዛዝ በአንድ ዓይነት እንዳልተረጎሙት ከአደጋው በኋላ በተደረገው ምርመራ ከተሰጠው ቃል ይታወቃል፣ ግን ያ ማብራሪያ ከእኔ ሕዋሳት ውስጥ አይወጣም።

ሌላም መታመን የሚገባው ነገር አለ። እነዚህ ሰዎች ከትልቅ ሕዝብ በዕጣ የተመረጡ ናሙና አይደሉም፤ በመርከቢቱ የነበሩት ራሳቸው ናቸው። ቤተሰቦች አብረው ወደ ጀልባ ይወጡ ወይም አብረው ይቀሩ ስለነበር የአንዱ መትረፍ በሌላው ላይ አይመሠረትም ማለትም ያስቸግራል፤ ፈተናው ግን ይህን ይጠይቃል። ስለዚህ ፒ ቫልዩውን እንደ ማስረጃ ሳይሆን ልዩነቱ ከተራ መዋዠቅ በላይ መሆኑን እንደሚያሳይ መለኪያ ብቻ ነው የያዝሁት።

በመጨረሻው ስላይድ ላይ ሰንጠረዡን ከነሚጠበቀው ብዛት አስቀምጬ ከሥሩ ይህን ጻፍሁ፦ «ማዕረግና መትረፍ ተዛምደው ይገኛሉ፤ ካይ ስኩዌር 190.4፣ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም 3፣ p < 0.001፣ ክራመር ቪ 0.29። ዝምድናው በሴቶች ጠንካራ (0.53)፣ በወንዶች ደካማ (0.13) ነው። የሠራተኞች ዝቅተኛ የመትረፍ መጠን በአብዛኛው ወንዶች ከመሆናቸው ጋር ይሄዳል።» መምህራችን አንብበው ሲጨርሱ «በአብዛኛው» የሚለውን ቃል በጣታቸው እየጠቆሙ «ይህን ማን አስጨመረሽ?» አሉኝ። ከኋላ ወደ ተቀመጠው ጓደኛዬ አመለከትሁ።