የአያቴ ሲልሲላ

ዛሬ ሐሙስ ነው። ማታ ሐድራ፣ አብሮ ዚክር የሚባልበት ስብሰባ፣ አለ። ከመሄዴ በፊት የአያቴን ሲልሲላ፣ የሸሆቻቸው ሰንሰለት የተጻፈበትን ወረቀት፣ ከሳጥን አወጣሁት። አራት ላይ የታጠፈ፣ መታጠፊያው የሳሳ ወረቀት ነው። ታች የአያቴ ስም አለ። ከሱ በላይ የሸሃቸው፣ ከዚያ የሸሃቸው ሸህ፤ እንዲህ እያለ እስከ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይወጣል።

አያቴ ሰማኒያ የሚባለው ጦሪቃ፣ የሱፊ መንገድ፣ ሙሪድ ነበሩ፤ በሸህ ሥር የሚማር ማለት ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1775 መዲና ካረፉት ከሸህ ሙሐመድ አስ-ሰማን የመጣ ነው። እሳቸው ኸልወቲያ ከሚባለው የሱፊ መንገድ ሸህ ከሙስጠፋ አል-በክሪ መንገዱን ተቀበሉ። ከአስ-ሰማን ደግሞ ሸህ አሕመድ አጥ-ጠይብ ተቀብለው ወደ ሱዳን ወሰዱት።

ጣቴን እየጎተትኩ ወደ ላይ ስወጣ ሐሰን አል-በስሪ ጋ ሁሌ እቆማለሁ። ከእሳቸው በላይ ሰይዲና ዐሊ ናቸው። ዐሊ እ.ኤ.አ. በ656 መዲናን ሲለቁ ሐሰን ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከዐሊ በእርግጥ ተምረዋል ወይ? ብዙ የሐዲስ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። ሊቁ ሱዩጢ ደግሞ ተገናኝተዋል ብለው ተከራክረዋል። ድሮ ይህ ያስጨንቀኝ ነበር። አሁን ወረቀቱ ለምን ሥራ እንደተጻፈ ስለማውቅ ብዙም አያስጨንቀኝ።

በኸልወቲያ መንገድ ነፍስ ሰባት ደረጃ አላት። ለእያንዳንዱ እየተደጋገመ የሚባል አንድ ዚክር አለ። ክፉ የምታዘው ነፍስ፣ አማራ፣ «ላ ኢላሀ ኢለሏህ» ይሰጣታል። ራሷን የምትወቅሰው ለዋማ «አሏህ» ትላለች። ሦስተኛዋ ሙልሃማ ናት፤ ዚክሯ «ሁ» ነው። ሙሪዱ ዚክሩን በራሱ አይቀይርም። ሕልሙን ለሸሁ ይነግራል፣ ሸሁ ያዩለታል። ውሻና እባብ እየመጣበት ከሆነ ገና ነው።

አደገኛዋ ሦስተኛዋ ናት። ሰውየው ያለቅሳል፣ ደስ ይለዋል፣ ልቡ ላይ ነገር ይወርድለታል። ግን መልካሙም ክፉውም ግፊት አንድ ላይ ነው የሚመጣው፤ ለይቶ ማወቅ ያቅተዋል። ደረስኩ የሚል ሰው የሚበዛው እዚህ ነው።

አያቴ እዚያ ደርሰው ነበር። አንድ ሌሊት ብርሃን አዩ፤ ጧት ከፈጅር በኋላ እየሮጡ ሄደው ነገሩ። ሸሁ ዝም ብለው ሰሙና «ብርሃኑን ስታይ ከማን በላይ መሰለህ?» አሏቸው። አያቴ መልስ አጡ። በዚያው ቀን ወደ ሁለተኛው ዚክር፣ ወደ «አሏህ»፣ መለሷቸው። በቀን የሚሉትንም ቁጥር ጨመሩባቸው።

ይህን ሲያጫውቱኝ የተስቢሃቸውን ዶቃ በአውራ ጣታቸው እየገፉ ነበር። «አዝነው ነበር?» አልኳቸው።

«አለቀስኩ እንጂ! ሸሁ ግን እጄን ይዘው፣ ‹እኔንም ሸሄ እዚሁ ላይ ነው የመለሱኝ› አሉኝ።»